ጥናቶቹ ሲጋጩ ምን ይጻፋል? በታዳጊዎች የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀምና ደኅንነት ላይ የተዛማጅ ጽሑፎች ክለሳ አዘገጃጀት

በየሴሚስተሩ ከሥነ ልቦና ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል፦ «ስለ ታዳጊዎችና ማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ ስፈልግ አንዱ ጥናት ይጎዳል ይላል፣ ሌላው ተጽዕኖው ከቁጥር አይገባም ይላል። የቱን ልያዝ?»

ሁለቱንም ያዙ። የተዛማጅ ጽሑፎች ክለሳ፣ በተለምዶ ሊትሬቸር ሪቪው የምንለው፣ ዋና ሥራው ጥናቶቹ በምን ምክንያት እንደተለያዩ ማስረዳት ነው። በዚህ ርዕስ ደግሞ የልዩነቱ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ተፈልጎ ይገኛል፤ ያለው በአለካኩ፣ በአነጻጸሩና በዕድሜው ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ወደዚያ የሚያደርሱ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መምህራችሁ የሰጡት የሥራው መመሪያ፤ የገጽ ብዛት፣ የጥናት ብዛትና የአጠቃቀስ ስልት ያለበት
- የሳይክኢንፎ ወይም የፐብሜድ መፈለጊያ፤ ሁለቱም ከሌሉ ጉግል ስኮላር
- እንደ ዞተሮ ያለ የምንጭ ማደራጃ
- አንድ ባዶ የኤክሴል ሠንጠረዥ
- የዝምድና መለኪያን፣ ማለትም `r`ን፣ ለማንበብ የሚበቃ የስታቲስቲክስ ዕውቀት
- ቢያንስ ሦስት ሳምንት፤ ግማሹ ለማንበብና ሠንጠረዥ ለመሙላት ይውላል

የጥናት ብዛት ካልተወሰነላችሁ ለአንድ ኮርስ ሥራ ከ12 እስከ 15 በደንብ የተነበቡ ጥናቶች ይበቃሉ። 40 ጥናት ሰብስቦ አብስትራክታቸውን ብቻ ማንበብ ክለሳውን ያሳሳዋል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አጥብቡ

«ማኅበራዊ ሚዲያ በታዳጊዎች ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚለው ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ሦስት ክፍት ቦታ ሙሉ፦ በየትኛው ዕድሜ፣ የትኛው አጠቃቀም፣ ከየትኛው የደኅንነት ገጽታ ጋር። ለምሳሌ፦ «ከ10 እስከ 19 ዓመት ባሉ ታዳጊዎች በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያልፈው ጊዜ ከድባቴ ምልክቶችና ከሕይወት እርካታ ጋር ምን ያህል ይዛመዳል?» ዕድሜው የዓለም ጤና ድርጅት ለአፍላ ወጣትነት የሚጠቀምበት ክልል ስለሆነ ለመከራከር አይከብድም።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው «ደኅንነት» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ስለሚሸፍን ነው። የሕይወት እርካታ አንድ ልጅ ኑሮውን በጥቅሉ እንዴት እንደሚመዝን የሚጠይቅ ነው። የድባቴ ምልክት ደግሞ ሐዘን፣ ተስፋ ማጣት፣ የእንቅልፍ መዛባትና የመሳሰሉት ናቸው። እርካታው የቀነሰ ልጅ ሁሉ ድባቴ አለበት ማለት አይደለም። ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራችኋቸው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ስለተለያዩ ነገሮች እያወራችሁ ጥናቶቹ የተጋጩ ይመስላችኋል። «የስክሪን ጊዜ» በሚለውም ላይ ተጠንቀቁ፤ ቴሌቪዥንና ጌም ሊጨምር ይችላል።

ደረጃ 2፦ ፈልጉ፣ ፍለጋውንም መዝግቡ

መነሻ የሚሆን የፍለጋ ቃል ይኸውና፦

```
("social media" OR "social networking sites")
AND (adolescen* OR teen*)
AND (depress* OR "life satisfaction" OR "well-being" OR wellbeing)
```

ኮከቡ የቃሉን የተለያዩ መጨረሻዎች ሁሉ ያመጣል። የጥቅስ ምልክቱ ሁለቱ ቃላት ተያይዘው እንዲፈለጉ ያደርጋል። የመጨረሻው ቃል በሁለት አጻጻፍ የገባው ተመራማሪዎች ራሳቸው በሁለቱም ስለሚጽፉት ነው። ጉግል ስኮላር ኮከቡን አይቀበልም፤ እዚያ ሙሉውን ቃል ጻፉ።

ከእያንዳንዱ ፍለጋ በኋላ ቀኑን፣ የመፈለጊያውን ስም፣ የተጠቀማችሁበትን ቃልና የተገኘውን ብዛት መዝግቡ። መምህራችሁ «እነዚህን ጥናቶች እንዴት መረጣችኋቸው?» ሲሉ መልሱ ይህ መዝገብ ነው።

አንድ አቋራጭ አለ። ቫልከንበርግ፣ ማየርና ቤየንስ በ2022 ያሳተሙት ጽሑፍ 25 ክለሳዎችን በአንድ ላይ የከለሰ ነው። አብዛኞቹ ክለሳዎች ዝምድናውን ደካማ ወይም ወጥ ያልሆነ ብለው እንደተረጎሙት፣ ጥቂቶቹ ግን ከባድና ጎጂ እንዳሉት ያሳያል። እሱን መጀመሪያ አንብቡ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እሱ የጠቀሳቸውን፣ ወደ ፊት ደግሞ ጉግል ስኮላር ላይ `Cited by` የሚለውን ተጭናችሁ እሱን የጠቀሱትን ተመልከቱ። ግን የሌሎቹን ጥናቶች ውጤት ከእሱ ላይ ገልብጣችሁ አትጻፉ፤ የምትጠቅሱትን ጥናት ራሱን ክፈቱ።

ደረጃ 3፦ አጣሩ

ማጣሪያችሁን ከማንበባችሁ በፊት ጻፉ፦ ዕድሜ፣ የታተመበት ዓመት፣ የጥናቱ ዓይነት፣ መለኪያው። ካነበባችሁ በኋላ ከሆነ ሳታውቁት ያልወደዳችሁትን ውጤት የሚያስወጣ ማጣሪያ ትሠራላችሁ።

እዚህ ላይ ተማሪ የሚስተው ዕድሜን ነው። ኦልኮትና ባልደረቦቹ በ2020 ያሳተሙት፣ ሰዎች ለአራት ሳምንት ፌስቡካቸውን እንዲዘጉ ያደረገ ሙከራ አለ። ደኅንነታቸው በመጠኑ መሻሻሉን ያሳየ በጥንቃቄ የተሠራ ጥናት ስለሆነ በየክለሳው ይጠቀሳል። ተሳታፊዎቹ ግን አዋቂዎች ናቸው። ስለ 13 ዓመት ልጅ ማስረጃ አድርጋችሁ አታቅርቡት፤ ማስገባት ከፈለጋችሁም ዕድሜያቸውን እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተናገሩ።

ደረጃ 4፦ ሠንጠረዡን ሙሉ

ለእያንዳንዱ ጥናት አንድ መስመር፣ ስምንት ዓምድ፦ ደራሲና ዓመት፤ ተሳታፊዎችና ዕድሜ፤ የጥናቱ ዓይነት፤ አጠቃቀሙ የተለካበት መንገድ፤ ደኅንነቱ የተለካበት መንገድ፤ የተቆጣጠሯቸው ሌሎች ነገሮች፤ የተገኘው ቁጥር፤ ደራሲዎቹ የሰጡት ትርጓሜ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓምዶች በፍጹም አትቀላቅሉ። በዚህ መስክ ተቀራራቢ ቁጥር ይዘው አንዱ «ኢምንት»፣ ሌላው «አሳሳቢ» የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ቁጥሩንና ትርጓሜውን ለየብቻ ካልያዛችሁ የቃላት ልዩነትን የውጤት ልዩነት አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ።

የአንድ መስመር ምሳሌ፦ ቤየንስና ባልደረቦቿ፣ 2020። 63 ታዳጊዎች። ለአንድ ሳምንት በቀን ስድስት ጊዜ በስልካቸው አጭር መጠይቅ እየተላከላቸው 2,155 ምላሽ ተሰበሰበ። ሌሎች የለጠፉትን ብቻ ከተመለከቱ በኋላ 46 በመቶዎቹ ስሜታቸው ተሻሽሏል፣ በ44 በመቶዎቹ ላይ ለውጥ አልታየም፣ 10 በመቶዎቹ ብሶባቸዋል። የደራሲዎቹ ትርጓሜ፦ ተጽዕኖው ከታዳጊ ታዳጊ ይለያያል።

ይህን መስመር ስትሞሉ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፣ የምላሹ ቁጥር ግን ብዙ ነው፤ ጥናቱ የታለመው አንድን ልጅ ደጋግሞ ለማየት ስለሆነ «ናሙናው 63 ብቻ ነው» ብሎ መጣል ስህተት ይሆናል። ደግሞም የተለካው የዚያች ሰዓት ስሜት ነው። ስለ ድባቴ አይናገርም።

ደረጃ 5፦ ግጭቱ ከየት እንደመጣ ፈልጉ

የክለሳው ልብ ይህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። በዚህ ርዕስ ከታወቁት ክርክሮች አንዱን ይዘን አብረን እንሥራው።

ትዌንጊና ባልደረቦቿ በ2018 የአሜሪካ ታዳጊዎችን ሁለት ትልልቅ የዳሰሳ ጥናቶች መረጃ ወስደው፣ ከ2010 በኋላ የድባቴ ምልክቶች መጨመራቸውንና በአዳዲስ ሚዲያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳልፉት ታዳጊዎች እነዚህን ምልክቶች የበለጠ እንደሚናገሩ አሳዩ። ኦርበንና ፕርዚቢልስኪ ደግሞ በ2019 እነዚያኑ ሁለት የመረጃ ምንጮች ወስደው አንድ የእንግሊዝ መረጃ ጨመሩበት። በድምሩ 355,358 ታዳጊዎች ማለት ነው። የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም በደኅንነት ላይ የሚታየውን ልዩነት ቢበዛ 0.4 በመቶ ያህል ብቻ እንደሚያብራራ ጻፉ። መረጃው በአብዛኛው አንድ ሆኖ መደምደሚያው ለምን ተለያየ? አራት ጥያቄዎችን በተራ ጠይቁ።

*ትንተናው እንዴት ተመረጠ?* አንድን መረጃ ለመተንተን ብዙ ተቀባይነት ያላቸው መንገዶች አሉ፦ የትኛውን የደኅንነት ጥያቄ ልውሰድ፣ ምን ምን ልቆጣጠር፣ ጊዜውን እንዴት ልመድብ። ኦርበንና ፕርዚቢልስኪ አንዱን መንገድ ከመምረጥ ይልቅ እጅግ ብዙ አሳማኝ መንገዶችን አስልተው የውጤቶቹን ስርጭት አቀረቡ። ትዌንጊና ባልደረቦቿ በ2020 በሰጡት ምላሽ ደግሞ የተለያዩ የስክሪን ዓይነቶችን ማደባለቅ ዝምድናውን እንደሚያሳንሰው፣ ሴት ልጆችና ማኅበራዊ ሚዲያ ለብቻ ሲታዩ ከፍ እንደሚል ተከራከሩ። ለክለሳችሁ የሚጠቅመው ነጥብ ግልጽ ነው፦ ክርክሩ ምን ከምን ጋር ይደባለቅ በሚለው ላይ ነው።

*ቁጥሩ ምን ማለት ነው?* 0.4 በመቶን ወደ ዝምድና መለኪያ ለመለወጥ ካሬ ሥሩን ውሰዱ፦

```
r = √0.004 ≈ 0.06
```

ትንሽ ዝምድና ነው። ሆኖም «0.4 በመቶ» ሲባል ከእውነቱ የባሰ ያነሰ፣ «የድባቴ ምልክት በብዛት ታየ» ሲባል ደግሞ ከእውነቱ የበለጠ የገዘፈ ይመስላል። ስለዚህ ሁሉንም ጥናቶች በተቻለ መጠን ወደ አንድ መለኪያ አምጥታችሁ አነጻጽሩ። ትንሽ የሆነ አማካይም ቢሆን ጥቂት ልጆች በጣም እየተጎዱ ብዙዎቹ ምንም ካልሆኑ ሊገኝ እንደሚችል አትርሱ፤ የቤየንስን መስመር አስታውሱ።

*አጠቃቀሙ እንዴት ተለካ?* እዚህ ላይ የመጠይቁን ቃል ራሱን ፈልጋችሁ አንብቡ። ከሁለቱ የአሜሪካ ዳሰሳዎች አንዱ ስለ ኮምፒውተር ሲጠይቅ ጌም መጫወትንና ለትምህርት ያልሆነ ሌላ የኮምፒውተር አጠቃቀምን በአንድ ጥያቄ አጣምሮ ነበር። ከዚያ የወጣ ቁጥር ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ ሊናገር አይችልም። ሌላው ችግር የልጆቹ ግምት ነው። ፓሪና ባልደረቦቹ በ2021 ባሳተሙት፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት በአንድ ላይ ባሰላ ሜታ አናሊሲስ፣ ሰዎች ስለ አጠቃቀማቸው የሚናገሩት ጊዜና መሣሪያው የመዘገበው ጊዜ የሚጣጣሙት በመካከለኛ ደረጃ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ `r` 0.38 አካባቢ። በሠንጠረዣችሁ አራተኛ ዓምድ ላይ «ራሳቸው የተናገሩት» የሚል ቃል ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ቁጠሩና ቁጥሩን በክለሳው ውስጥ ጻፉት።

*ማን ከማን ጋር ተነጻጸረ?* በቀን አራት ሰዓት የምትጠቀም ልጅና አንድ ሰዓት የምትጠቀም ልጅ ቢነጻጸሩ ልዩነቱ ከቤተሰብ፣ ከጓደኛ፣ ከቀድሞ የአእምሮ ጤና ሁኔታ ሊመጣ ይችላል። አንዷን ልጅ ከራሷ ጋር፣ ማለትም ብዙ የተጠቀመችበትን ዓመት እንደወትሮዋ ከተጠቀመችበት ዓመት ጋር ማነጻጸር ሌላ ጥያቄ ነው። ኦርበን፣ ዲንሊንና ፕርዚቢልስኪ በ2019 ከ10 እስከ 15 ዓመት ያሉ 12,672 የእንግሊዝ ታዳጊዎችን በዚህ ሁለተኛ መንገድ ተከታትለው በሕይወት እርካታ ላይ ያገኙት ለውጥ በጣም ትንሽ ነበር። በሌላ በኩል ኦርበንና ሌሎች ባልደረቦቿ በ2022 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜን ለይተው ሲያዩ፣ ብዙ መጠቀም ከአንድ ዓመት በኋላ ከሚታይ የእርካታ መቀነስ ጋር የተያያዘው በሴቶች ከ11 እስከ 13፣ በወንዶች ከ14 እስከ 15፣ በሁለቱም ደግሞ በ19 ዓመት አካባቢ ሆኖ አግኝተውታል። ሁለቱ ውጤቶች አይጣሉም፤ አንዱ አማካዩን፣ ሌላው በአማካዩ ውስጥ የተደበቀውን ዕድሜ ያሳያል።

ደረጃ 6፦ በምክንያት አደራጅታችሁ ጻፉ

ንዑስ ርዕሶቻችሁ ከላይ ካሉት ጥያቄዎች ይውጡ፦ የአለካክ ልዩነት፣ የአነጻጸር ልዩነት፣ የዕድሜና የፆታ ልዩነት። በደራሲ ስም ወይም በዓመት ቅደም ተከተል አትሂዱ። ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ አንቀጽ ይህን ይመስላል፦

> ትዌንጊና ሌሎች (2018) ማኅበራዊ ሚዲያ ድባቴን እንደሚጨምር አረጋግጠዋል። ኦርበንና ፕርዚቢልስኪ (2019) ግን ተጽዕኖ እንደሌለው አረጋግጠዋል። ቤየንስና ሌሎች (2020) ደግሞ እንደ ሰው ይለያያል ብለዋል።

ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ጥናት፣ የሚያገናኛቸው ክር የለም። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ስህተትም ነው፤ «በጣም ትንሽ» እና «የለም» አንድ አይደሉም። ያው አንቀጽ ሲስተካከል፦

> በአማካይ ሲታይ በአጠቃቀምና በደኅንነት መካከል ያለው ዝምድና ትንሽ ነው (ኦርበንና ፕርዚቢልስኪ፣ 2019)። ይህ አማካይ ግን የዲጂታል አጠቃቀምን በጥቅሉ የወሰደ በመሆኑ፣ ማኅበራዊ ሚዲያና ሴት ታዳጊዎች ለብቻ ቢታዩ ዝምድናው ከፍ ይላል የሚል ተቃውሞ ቀርቦበታል (ትዌንጊና ሌሎች፣ 2020)። ታዳጊዎችን በቀን ስድስት ጊዜ እየጠየቀ የተከታተለ ጥናትም አብዛኞቹ ላይ መባስ ሳይታይ ጥቂቶቹ ላይ መታየቱን ስላገኘ (ቤየንስና ሌሎች፣ 2020)፣ አማካዩ ብቻውን የተጎዱትን ልጆች ላያሳይ ይችላል።

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከፊቱ ላለው መልስ ይሰጣል። ጥናቶቹን ከቅንፉ ውስጥ ብታወጧቸው እንኳ ሐሳቡ ብቻውን ይቆማል፤ አንቀጻችሁ መያያዙን የምታውቁት በዚህ ነው።

ግሶቻችሁን አንድ በአንድ መርምሩ። በአማርኛ «ይጨምራል»፣ «ያስከትላል»፣ «ያባብሳል» ስንል አድራጊ አቁመናል፤ ማኅበራዊ ሚዲያው ራሱ ድባቴውን አመጣ ማለታችን ነው። በአንድ ጊዜ በተሞላ መጠይቅ ላይ የቆመ ጥናት ይህን ማለት አይችልም፤ ድባቴ ያለበት ልጅም ስልኩን ሊያዘወትር ይችላልና። ለእንዲህ ያለው ጥናት «ይዛመዳል»፣ «አብሮ ከፍ ብሎ ይታያል» በሉ። አድራጊ ግሶቹን ለሙከራ ጥናቶች አስቀምጡ።

ደረጃ 7፦ ክፍተቱን በስሙ ጥሩት

«ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብላችሁ አትዝጉ። ከሠንጠረዣችሁ ባዶ ሆኖ የቀረውን ተመልከቱና ምን ዓይነት ጥናት እንደጎደለ ጻፉ። ለምሳሌ፦ «ከ11 እስከ 13 ዓመት ያሉ ሴት ልጆችን በመሣሪያ በተመዘገበ አጠቃቀም፣ በተደጋጋሚ የሚከታተል ጥናት።» ጥናቶቻችሁ የመጡባቸውን አገሮች ዘርዝሩ፤ በጥቂት አገሮች ከተወሰኑ ግኝቱ ለሌላ ቦታ ታዳጊ ይሠራል ብላችሁ አትደምድሙ።

ማስጠንቀቂያ

ራስን ስለማጥፋት የሚያነሱ ጥናቶች ያጋጥሟችኋል። የአገር አቀፍ አኃዝ ከስልክ መስፋፋት ጋር በአንድ ወቅት መጨመሩ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያሳይም። አንድን መተግበሪያ ለሞት ተጠያቂ የሚያደርግ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ፤ የአፈጻጸም ዘዴም አትዘርዝሩ። ንባቡ ራሳችሁን ከከበዳችሁ ለመምህራችሁ ነግራችሁ ጥያቄያችሁን ወደ ሕይወት እርካታ ብቻ ማጥበብ ትችላላችሁ፤ ክለሳው አይጎድልበትም።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

*ከአብስትራክት ብቻ መጥቀስ።* አብስትራክት መጠይቁን አያሳይም። ስትጽፉ «እንዴት ነው የለኩት?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ መመለስ ካቃታችሁ ሙሉውን አላነበባችሁም።

*አንድን መረጃ ሁለት ጊዜ መቁጠር።* ብዙ ጥናቶች የሚቀዱት ከጥቂት ትልልቅ ዳሰሳዎች ነው። ከአንድ ምንጭ የቀዱ አምስት ጽሑፎች አምስት ነጻ ማስረጃ አይሆኑም። በሠንጠረዡ ላይ የመረጃውን ምንጭ ስም ጨምሩ፣ ተመሳሳዮቹን በአንድ ቀለም አቅልሙ።

*«ስታቲስቲካዊ ትርጉም አለው» የሚለውን «ትልቅ ነው» ብሎ መተርጎም።* 355,358 ሰው ባለበት መረጃ ውስጥ እጅግ ትንሽ ዝምድናም ይህን መስፈርት ያልፋል። ሁልጊዜ መጠኑን አብራችሁ ጻፉ።

ከማስረከባችሁ በፊት ጽሑፉን አትሙና በእያንዳንዱ አንቀጽ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሥር አስምሩ። የተሰመረባቸው ሁሉ በደራሲ ስም የሚጀምሩ ከሆነ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።